አውሮፕላን ቁልቁል ሲወርድ የሚደፈን ጆሮ

አውሮፕላን ለማረፍ መውረድ ሲጀምር የብዙ መንገደኞች ጆሮ ይደፈናል። መጀመሪያ ድምፅ ይርቃል፤ የሞተሩ ጩኸትም የጎረቤት ወሬም ከግድግዳ ወዲያ የሚመጣ ይመስላል። ቀጥሎ የሆነ ነገር ጆሮን ወደ ውስጥ የሚጫነው ያህል ይሰማል። ጫናው ካልለቀቀ ወደ ሕመም ይለወጣል፤ ሕመሙም እየጠነከረ ሄዶ መንጋጋና አንገት ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። አብዛኛው ሰው ምራቁን ሲውጥ ወይም ሲያዛጋ ጆሮው «ጧ» ብሎ ይከፈትለታል፤ ነገሩም እዚያው ላይ ያበቃል። ጉንፋን ይዞት የሚጓዝ ሰው፣ እንቅልፍ የጣለው መንገደኛና ሕፃን ግን ይህን ያህል ቀላል አይሆንላቸውም።

የችግሩ ምንጭ አየር ነው። በምድር ላይ ያለው አየር ክብደት አለው፤ ዝቅ ባለ ቦታ ላይ ያለ ሰው ከበላዩ የሚጫነው አየር ብዙ ሲሆን፣ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ያለው ሰው ደግሞ የሚሸከመው አየር ያነሰ ነው። ይህንን ጫና በዓይን ለማየት አንድ ሃይላንድ ይበቃል። በሰማይ ላይ ሳለ ውኃው ተጠጥቶ ባዶ የቀረ የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ ቢዘጋና ከመቀመጫው ኪስ ውስጥ ቢቀመጥ፣ አውሮፕላኑ ዱባይ ወይም ጅዳ ሲያርፍ ጎኑ ወደ ውስጥ ጎድጉዶና ተጨማዶ ይገኛል። ማንም አልጨመቀውም። ውስጡ የታሸገው የከፍታው ስስ አየር ነው፤ ከውጭ ያለው ደግሞ የባሕር ዳርቻው ከባድ አየር ነው። ክዳኑ በትንሹ ሲላላ «እስስ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ አየር ይገባል፤ ጠርሙሱም ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል። ዓባይ በረሃን በአውቶቡስ የወረደ ሰውም ይህንኑ አይቶት ይሆናል።

ጆሮም እንደዚህ ጠርሙስ ክዳን ያለው ዕቃ ነው። ከውጭ በጣት የሚነካው የጆሮ ቀዳዳ መጨረሻው ላይ በአንድ ስስ ሽፋን ይዘጋል። ይህ ሽፋን የጆሮ ታምቡር ይባላል፤ ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ከታምቡሩ በስተጀርባ መሃከለኛው ጆሮ የሚባል በአየር የተሞላ ትንሽ ክፍል አለ፤ ድምፅን ወደ ውስጥ የሚያሻግሩት ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች የሚገኙትም እዚሁ ነው። የዚህ ክፍል መተንፈሻ አንድ ቀጭን ቱቦ ሲሆን፣ ከመሃከለኛው ጆሮ ተነስቶ ከአፍንጫ በስተኋላ፣ ከጉሮሮ ከፍ ብሎ ባለው ቦታ ላይ ይከፈታል። በአዋቂ ሰው ላይ ርዝመቱ 3.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው ጣሊያናዊ ሐኪም በባርቶሎሜኦ ኢስታኪ ስም የኢስታኪያን ቱቦ ተብሎ ይጠራል።

ቱቦው ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፤ ምሥጢሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። ወደ ጆሮው የቀረበው ሲሶ በአጥንት የተከበበ ስለሆነ አይከደንም። ወደ ጉሮሮ ያለው ሁለት ሦስተኛው ክፍል ግን ለስላሳ በመሆኑ ግድግዳዎቹ እንደ ከንፈር ተጋጥመው ይቀመጣሉ። የሚከፍቱት ከላንቃ ጋር የተያያዙ ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው፤ እነሱም የሚሠሩት ሰው ሲውጥ ወይም ሲያዛጋ ነው። መሬት ላይ ያለ ሰው ሳያስበው በየጊዜው ምራቁን ስለሚውጥ ቱቦው ለአፍታ እየተከፈተ አየር ያስገባል፣ ያስወጣል፤ የታምቡሩ ውጭና ውስጥም በእኩል ግፊት ይኖራሉ።

አውሮፕላን ሲወጣና ሲወርድ በጆሮ ላይ የሚደርሰው ለምን እንደሚለያይ ከዚህ መረዳት ይቻላል። አውሮፕላኑ ሲወጣ በመሃከለኛው ጆሮ ያለው አየር ከውጭው የበለጠ ግፊት ይኖረውና ቱቦውን ራሱ ገፍቶ ይወጣል። ያን ጊዜ ጆሮ ቀስ ብሎ «ጧ ጧ» ከማለት በቀር ብዙም አያስቸግርም፤ ከሰውየው የሚጠበቅ ነገርም የለም። አውሮፕላኑ ሲወርድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከባድ የሆነው የውጭው አየር ነው፤ ወደ ውስጥ ለመግባት ሲሞክርም ለስላሳዎቹን የቱቦ ግድግዳዎች ይበልጥ አጣብቆ ይዘጋቸዋል። ስለዚህ በመውረድ ጊዜ ቱቦው በራሱ አይከፈትም፤ በጡንቻ መከፈት አለበት። መክፈት ያልተቻለ እንደሆነ ታምቡሩ ልክ እንደ ጠርሙሱ ጎን ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል። የተወጠረ ታምቡር እንደ ልቡ ስለማይንቀጠቀጥ ድምፅ ይርቃል፤ ውጥረቱ ሲበረታ ደግሞ ያማል።

ሕመሙ የሚጀምረውና ቱቦው የሚቆለፈው በስንት ልዩነት ላይ እንደሆነ በ1937 ሃሪ አርምስትሮንግና ሄይም የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች መርምረው ነበር። የአየር ግፊት እንደ ደም ግፊት ሁሉ በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሊለካ ይችላል። በታምቡሩ ውጭና ውስጥ ያለው ልዩነት ወደ 60 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲደርስ ሕመሙ ግልጽ ይሆናል። ይህ ልዩነት በክብደት ሲሰላ በታምቡሩ ላይ 50 ግራም ያህል፣ ማለትም አንድ እንቁላል የተቀመጠ ያህል ይሆናል፤ ለዚያ ስስ ሽፋን ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። ልዩነቱ ከ80 እስከ 90 ሲደርስ ደግሞ የላንቃ ጡንቻዎች የተጣበቀውን ቱቦ የመክፈት አቅም ያጣሉ። ከዚያ ወዲያ ሰውየው የቱንም ያህል ቢውጥ ቱቦው ተቆልፏል። ሌላው ምክር ሁሉ የሚያያዘው ከዚህች ቁጥር ጋር ነው፤ ጆሮን ማስተንፈስ የሚቻለው ቀደም ብሎ ነውና።

ይህ በጉዞ ላይ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ከቦሌ የሚነሳን መንገደኛ መከተል ይቻላል። አውሮፕላን ከ10,000 ሜትር በላይ ሲበር ውጭ ያለው አየር ሰው ሊኖርበት የማይችል ስስ ነው። ስለዚህ የመንገደኞች ክፍል አየር እየታመቀበት ይሞላል፤ ሆኖም እስከ ባሕር ጠለል ግፊት ድረስ አይሞላም። በብዙ አውሮፕላኖች ውስጥ ያለው አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለው ተራራ ላይ እንዳለ አየር ሊሳሳ ይችላል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በሌላ አነጋገር የአዲስ አበባ ሰው ሲኖር የሚተነፍሰው አየርና በሰማይ ላይ የሚተነፍሰው አየር ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው። ከቦሌ የተነሳ መንገደኛ ሲወጣ ጆሮው ምንም ላይሰማው የሚችለውም ለዚህ ነው።

ወረፋው የሚደርሰው ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ከተማ ሲቃረብ ነው። ዱባይ፣ ጅዳ፣ ቤሩትና ቴል አቪቭ ሁሉም ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ አይሉም፤ ዋሽንግተንም ቢሆን ዝቅተኛ ቦታ ነው። በ2,400 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት 565 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ሲሆን፣ በባሕር ጠለል ላይ 760 ነው። መንገደኛው ሙሉውን የ195 ልዩነት በአንድ ጊዜ ይቀበላል ማለት ነው። የመንገደኞች ክፍል አየር አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 100 ሜትር በሚያህል ፍጥነት እንዲወርድ ስለሚደረግ፣ ይህ ሁሉ የሚሆነው ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በየደቂቃው ከ7 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይጨመራል ማለት ነው።

አሁን ይህ መንገደኛ ጉንፋን ይዞት፣ በሌሊት በረራ እንቅልፍ ጥሎት እንደሆነ ይታሰብ። የተኛ ሰው የሚውጠው ከስንት አንዴ ነው። ጉንፋኑ ደግሞ የቱቦውን አፍ አሳብጦታል። መውረዱ በተጀመረ በስምንተኛው ደቂቃ ገደማ ልዩነቱ 60 ይደርሳልና ሕመሙ ይቀሰቅሰዋል። ደንግጦ ይውጣል፣ ያዛጋል፤ ያበጠው ቱቦ ግን እሺ አይልም። አራት ደቂቃ ያህል ሲጨመር ልዩነቱ 90 ይሞላል፤ ቱቦውም ይቆለፋል። መሬት ለመድረስ ገና አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። አብራሪ ብቻውን በትንሽ አውሮፕላን ቢሆን ኖሮ እንደገና ከፍ ብሎ ልዩነቱን ካቃለለ በኋላ ጆሮውን ከፍቶ ቀስ ብሎ ይወርድ ነበር። መንገደኛ ይህ ዕድል የለውም። እንግዲህ ለዚህ ሰው ከአራተኛውና ከአምስተኛው ደቂቃ የበለጠ ውድ ጊዜ አልነበረም፤ ያን ጊዜ አንድ ሁለት ጊዜ መዋጥ ቢቻል ልዩነቱ ወደ ዜሮ ይመለስ ነበር።

ከባሕር ዳርቻ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ግን በማረፊያው ሰዓት ብዙም አይቸገርም፤ የሚወርደው አውሮፕላኑ ብቻ ነው እንጂ አየሩ ከቦሌ አየር ጋር ተቀራርቦ ቆይቷል። እንዲያውም ድሪምላይነርና ኤርባስ 350 የመሳሰሉት አዳዲስ አውሮፕላኖች የውስጣቸውን አየር ከ1,830 ሜትር ከፍታ በላይ እንዲሳሳ ስለማያደርጉት፣ ቦሌ ላይ ሲያርፉ የክፍሉ አየር ይበልጥ መሳሳት ይኖርበታል። ጆሮ ያን ጊዜ የሚሰማው እንደ መውጣት እንጂ እንደ መውረድ አይደለም። በእነዚሁ አውሮፕላኖች ከቦሌ ሲነሱ ደግሞ በተገላቢጦሽ ገና ሲወጡ ጆሮ ትንሽ ሊደፈን ይችላል። ወደ ባሕር ዳርቻ ሲወርዱም ልዩነቱ ከ195 ወደ 150 ገደማ ዝቅ ይላል፤ ጆሮው ለሚያስቸግረው ሰው ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

በመኪና ሲወረድ ነገሩ ያው ሆኖ ፍጥነቱ ይለያል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ቁልቁለቱ 1,400 ሜትር ያህል ነው፤ በጠቅላላው የሚጨመረው ግፊትም 100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው። ነገር ግን በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ይህ ሁሉ የሚሆነው ብዙ ደቂቃ ወስዶ ነው፤ በየደቂቃው የሚጨመረው በአውሮፕላን ከሚጨመረው በእጅጉ ያንሳል። በመሃል ሰው ብዙ ጊዜ ስለሚውጥ ጆሮ ቢደፈንም ወደ ሕመም ሳይደርስ ይከፈታል። አውቶቡስ ውስጥ ሕመም የጀመረው ሰው ሹፌሩ ጥቂት እንዲቆምለት ሊለምን ይችላል። መቆሙ ልዩነቱን አያጠፋም፤ ከዚያ በላይ እንዳይጨምር ግን ያግደዋል፤ ለመዋጥና ለማዛጋትም ፋታ ይሰጣል።

ከመድኃኒቶቹ ሁሉ ቀዳሚው ነቅቶ መጠበቅ ነው። አውሮፕላኑ መውረድ የሚጀምረው ከማረፉ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀደም ብሎ ሲሆን፣ አብራሪው ወይም አስተናጋጆቹ ያስታውቃሉ፤ የሞተሩም ድምፅ ሲቀንስ ይታወቃል። የሚተኛ ሰው አጠገቡ ላለው መንገደኛ ወይም ለአስተናጋጇ «መውረድ ሲጀምር ቀስቅሱኝ» ብሎ አደራ ቢሰጥ ከብዙ ሥቃይ ይድናል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስኪያርፍ ድረስ አፍ ሥራ መፍታት የለበትም። ማስቲካ ማኘክ፣ ከረሜላ መምጠጥ፣ ውኃን በትንሽ በትንሹ መጎንጨት ሁሉም የሚጠቅሙት በአንድ ምክንያት ነው፤ ምራቅ ያበዛሉ፣ ምራቅም ያስውጣል። በኪስ የተያዘ ቆሎም ቢሆን ይህንን ሥራ ይሠራል። መንጋጋን ወደ ፊትና ወደ ጎን እያንቀሳቀሱ አፍን ሰፋ አድርጎ ማዛጋት ደግሞ ከመዋጥ ይልቅ ቱቦውን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ ያቆየዋል። ማዛጋት እንዲመጣ ማስመሰል ይበቃል፤ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ብዙውን ጊዜ እውነተኛ ይሆናል።

ይህ ያልበቃው ሰው አፍንጫውን በሁለት ጣት ይዞ ውኃ መጎንጨትና መዋጥ ይችላል። ዘዴው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው እንግሊዛዊ የጆሮ ሐኪም በጆሴፍ ቶይንቢ ስም ይጠራል፤ ጉልበት ስለማይጠይቅም አደጋ የለውም። ሌላው በሰፊው የታወቀው የቫልሳልቫ ዘዴ ነው። አንቶኒዮ ማሪያ ቫልሳልቫ የቦሎኛ ሐኪም ሲሆን፣ በ1704 ስለ ሰው ጆሮ ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን ዘዴ ገልጾታል፤ እሱ ያሰበው መግልን ከጆሮ ለማስወጣት ነበር እንጂ ለበረራ አልነበረም።

የቫልሳልቫ ዘዴ ሲሠራ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ መቀመጥና አፍንጫን ቀስ ብሎ መናፈጥ ያስፈልጋል። ከዚያ አፍ ይዘጋል፤ የአፍንጫው ሁለት ቀዳዳዎች በጣት ተጫን ተደርገው ይያዛሉ፤ ጉንጭ ሳይነፋ እንደ መናፈጥ ያለ ለስላሳ ግፊት ወደ አፍንጫ ይሰደዳል። ሁለት ሰኮንድ ያህል ይበቃል። ቱቦው ከተከፈተ ጆሮ ውስጥ ለስለስ ያለ «ጧ» ይሰማና ድምፅ ይጠራል። ወዲያው መልቀቅ፣ ምራቅ መዋጥ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ጆሮ ገና መክበድ ሲጀምር መድገም ነው፤ እስኪያም መጠበቅ አይገባም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሕመሙ ከበረታ በኋላ ፊቱ እስኪቀላ ድረስ ሲነፋ ነው። ያን ጊዜ ቱቦው ተቆልፎ ስለሚሆን ጉልበቱ አየር አያስገባም፤ ይልቁንም በጭንቅላት ውስጥ ያለውን ጫና ከፍ አድርጎ ወደ ውስጠኛው ጆሮ የሚወስዱትን ስስ መስኮቶች ሊቀድ ይችላል። መስኮቶቹ ከተቀደዱ መስማትና ሚዛን መጠበቅ ሊጎዱ ይችላሉ። በለስላሳው ሁለት ሦስት ጊዜ ተሞክሮ እምቢ ካለ መተውና ወደ መዋጥና ወደ ማዛጋት መመለስ ይሻላል። አፍንጫው ወፍራም ቢጫ ንፍጥ የሞላበት ሰውም ይህንን ዘዴ ቢተው መልካም ነው፤ ንፍጡን ከነተውሳኩ ወደ መሃከለኛው ጆሮ ሊልከው ይችላልና።

ጉንፋን፣ አለርጂ ወይም ሳይነስ ያለበት ሰው ጉዞውን ማዘግየት ከቻለ የሚመረጠው እሱ ነው። ማዘግየት ለማይችለው፣ ለምሳሌ የሥራ ውል ወይም ቪዛ ቀን ለቆረጠበት ሰው፣ እብጠትን የሚቀንስ የአፍንጫ መድኃኒት አለ። ኦክሲሜታዞሊን የተባለው በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒት መውረድ ከመጀመሩ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ይረጫል። ከሦስት ቀን በላይ ግን አይወሰድም፤ ያለዚያ ሲቆም አፍንጫውን ከበፊቱ ይበልጥ ይደፍነዋል። ሱዶኤፌድሪን የተባለው እንክብል ከበረራው ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ሲወሰድ አዋቂዎችን እንደሚረዳ ታይቷል። ልጆች ላይ ግን ጥቅሙ አልተገኘም። የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ ግላኮማ ወይም የፕሮስቴት ችግር ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት እነዚህን መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ወይም ያለ ፋርማሲስት ምክር መውሰድ የለባቸውም።

የሕፃን ጉዳይ ለብቻው የሚታይ ነው። የሕፃን ቱቦ አጭር፣ ጠባብና ከአዋቂው ይልቅ ወደ አግድም የተጋደመ ነው፤ በቱቦው አፍ አጠገብ ያለው ቶንሲል መሰል ሥጋም በልጅነት ትልቅ ስለሆነ መንገዱን ያጠባል። ሕፃን ደግሞ «ማስቲካ አኝክ» አይባልም። የሚያስውጠው ጡት ወይም ጡጦ ነው። እናቶች ብዙ ጊዜ ሕፃኑ ዝም እንዲል ብለው አውሮፕላኑ ገና ሲነሳ አጥብተውት በመውረዱ ሰዓት ጠግቦ ይተኛል፤ ጆሮው የሚፈልገው ግን የኋለኛውን ነው። ስለዚህ ጡቱን ለመውረዱ ሰዓት ማቆየት፣ ተኝቶ ከሆነም መቀስቀስ ይገባል፤ በሚጠባበት ጊዜ በጀርባው ከሚጋደም ይልቅ ራሱን ቀና አድርጎ መያዝ ይሻላል። ጥሩ ጠብቶ የነበረ ሕፃን ድንገት ጡቱን ጥሎ ጆሮውን እየጎተተ ቢያለቅስ ጆሮው መደፈኑን ይናገራል። ልቅሶው ራሱ አፉን ስለሚያስከፍትና ስለሚያስውጠው አንዳንድ ጊዜ ቱቦውን ይከፍትለታል፤ አጠገቡ የተቀመጡ ሰዎችም ይህንን ቢያውቁ እናቲቱን በዓይን ባላስጨነቋት ነበር። ከፍ ያሉ ልጆች በስትሮ ጭማቂ ወይም ውኃ ቢጠጡ ይጠቅማቸዋል። ጠንካራ ከረሜላ ግን ለትንንሽ ልጆች አይሰጥም፤ ሊያንቃቸው ይችላል።

በአንዳንድ በረራዎች ላይ በሙቅ ውኃ የተነከረ ሶፍት ያለበት ኩባያ ጆሮ ላይ ሲደፋ ይታያል። ሙቀቱ ያጽናና ይሆናል እንጂ ቱቦውን አይከፍተውም፤ ትኩስ ውኃ ከተንጠባጠበ ደግሞ ያቃጥላል። ጥጥ መወተፍም ለግፊቱ መልስ አይሆንም፤ የተዘጋው በር ከታምቡሩ ወዲያ በጉሮሮ በኩል ነው። ከሁሉ የከፋው ዘይት፣ የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ ወይም የተገኘውን ጠብታ ጆሮ ውስጥ ማንጠባጠብ ነው። ታምቡሩ ተበስቶ ከሆነ ያ ሁሉ ፈሳሽ በቀጥታ ወደ መሃከለኛው ጆሮ ይገባል።

መሬት ከተደረሰ በኋላም ጆሮ እንደተደፈነ ቢቀር ወዲያው መደናገጥ አያስፈልግም። ማኘኩና መዋጡ፣ ለስላሳው የቫልሳልቫ ዘዴም ይቀጥላል፤ ለሕመሙ ፓራሲታሞል መውሰድ ይቻላል። ልዩነቱ ረጅም ጊዜ ከቆየ የመሃከለኛው ጆሮ ሽፋን ውኃ ወይም ጥቂት ደም ያመነጭና ባዶውን ቦታ ይሞላዋል። ያን ጊዜ ሰውየው ራሱን ሲያንቀሳቅስ የሆነ ነገር የሚፍለቀለቅ ይመስለዋል፤ የራሱ ድምፅም በርሜል ውስጥ የሚናገር ያህል ይሰማዋል። ይህ በጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ራሱ ይደርቃል። እስኪደርቅ ድረስ ሌላ በረራ ባይጨመርበት ይመረጣል። ከባድ ሕመም ድንገት ቀለል ብሎ ከጆሮ ውኃ ወይም ደም ቢፈስ ታምቡሩ ተበስቷል ማለት ነው። ይህም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይድናል፤ እስከዚያው ግን ጆሮ ውስጥ ውኃ መግባት የለበትም፣ ሐኪምም ሊያየው ይገባል። ከሳምንት በላይ የተደፈነ፣ ትኩሳት ያስከተለ ወይም ሕመሙ እየባሰ የሄደ ጆሮ እንዲሁ ወደ ሐኪም የሚወስድ ነው። በየበረራው የሚቸገሩ ሰዎችን ደግሞ የአንገት በላይ ሐኪም በአፍንጫቸውና በቱቦው አፍ ላይ ያለውን ችግር አይቶ ሊረዳቸው ይችላል። ታምቡራቸው ላይ ሐኪም ትንሽ ቱቦ ያስገባላቸው ልጆች ግን ያለ ስጋት መብረር ይችላሉ፤ አየሩ በዚያች ቱቦ በኩል ስለሚገባና ስለሚወጣ ግፊቱ አያስቸግራቸውም።

ከእነዚህ ሁሉ ለይቶ መያዝ የሚገባው አንድ ሁኔታ አለ። ካረፈ በኋላ አካባቢው የሚሽከረከርበት፣ ሲራመድ የሚንገዳገድ፣ ኃይለኛ ጩኸት በጆሮው የሚሰማው ወይም አንድ ጆሮው ጨርሶ አልሰማ ያለው ሰው የተጎዳው ውስጠኛው ጆሮው ሊሆን ይችላል። በቀናት ይለቃል ብሎ መጠበቅ አይገባውም፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ።